ፍንጭቷስ አለች?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዲት ሙሽራን ፎቶ አሳምሬ ሰጠሁ። እናቷ መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ ካዩት በኋላ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፤ የሷን የት አደረስከው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በከንፈሮቿ መካከል ነጭ ወረቀት የተለጠፈ ይመስል ነበር።

ያደረግሁት ብዙዎች የሚያደርጉትን ነው። ፎቶሾፕ ላይ ጥርሱን አጉልቼ፣ ቢጫውን አጥፍቼ፣ ብርሃኑን ጨምሬ፣ ጠማማውን አቃናሁ። ጥርስ በጣም ሲጎላ እያንዳንዱ ለብቻው ስለሚታይ ጥፋቱ ዓይን ውስጥ አይገባም። ፎቶውን በስልክ ስክሪን ልክ ሳሳንሰው ግን ነጩ መስመር ፍንትው አለ።

የሰው ጥርስ አንድ ቀለም የለውም። ኢናሜል የሚባለው የላይኛው ሽፋን ብርሃን ያሳልፋል፤ ቢጫው የሚመጣው ከሥሩ ካለው ዴንቲን ነው። ድድ አጠገብ ኢናሜሉ ስስ ስለሆነ ቢጫው ይጎላል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ዴንቲን ስለሌለ ትንሽ ግራጫ ይሆናል። ክራንቻ ከፊት ጥርሶች ይልቅ ቢጫ ነው፤ ከክራንቻ ወዲያ ያሉት ደግሞ የጉንጭ ጥላ ስለሚያርፍባቸው ይጨልማሉ። እኔ ያጠፋሁት ይህንን ልዩነት ነበር።

ሥራውን እንደገና ስጀምር ቀለሙንና ብርሃኑን ለያየሁ። መጀመሪያ Hue/Saturation ሌየር ከፍቼ Yellows መረጥኩና Saturation ወደ -50 አወረድኩ። ማስኩን አጥቁሬ፣ ጠርዙ ለስላሳ በሆነ ነጭ ብራሽ ጥርሱን ብቻ ቀባሁ፤ ድዱ እንዳይነካ ተጠንቅቄ። እዚያው ያለውን Lightness ግን አልነካሁትም። የመጀመሪያው ስህተቴ እሱ ነበርና። ቢጫው የበዛበትን ቦታ፣ ማለትም ክራንቻውንና የድዱን ዳር፣ ከሌላው አብልጦ ወደ ነጭ ስለሚገፋ ሁሉንም እኩል ያደርጋል።

ለብርሃኑ ሌላ ሌየር፣ Curves፣ ጨመርኩና መሃሉን በጥቂቱ ከፍ አደረግሁ። ማስኩን የፊት አራቱ ጥርሶች ላይ ሙሉ በሙሉ፣ ክራንቻው ላይ በግማሽ ቀባሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም። የአፍ ዳርና ዳር ጥላው ካልቀረ ጥርሱ የተጠማዘዘ ረድፍ መሆኑ ይቀርና ጠፍጣፋ ይመስላል።

ልኩን የሚነግረኝ Info የተባለው ሳጥን ነው። የፊት ጥርሷ ከሥራው በፊት ቀይ 214፣ አረንጓዴ 203፣ ሰማያዊ 180 ነበር። ስጨርስ 216፣ 210፣ 198 ሆነ። ሰማያዊው አሁንም ያንሳል፤ ስለዚህ ጥርሱ ጥቂት ሙቀት አለው። ሦስቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ወረቀት፣ ሰማያዊው ከበለጠ ደግሞ ሲኒ ይሆናል። የዓይኗ ነጭም ጥሩ መመዘኛ ነው፤ ጥርሷ በብርሃን ከእሱ ከበለጠ አልፌዋለሁ ማለት ነው።

ይህ ዘዴ ለቢጫ እንጂ ለሁሉም ነገር አይሆንም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ እየጠጡ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚቀረው ቡናማ ምልክት በዚህ አይለቅም። ያንን አንድ በአንድ መንካት ያስፈልጋል፤ እሱም ባለቤቱ ከጠየቀ ብቻ ነው።

ማቃናቱ የበለጠ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከፊት ሁለቱ ጥርሶቿ በስተግራ ያለው በጎረቤቱ ላይ ትንሽ ተደርቧል። በመጀመሪያው ሥራ የቀኙን ገልብጬ ተክቼበት ነበር። ሁለቱ መንታ ሆኑ፤ ይባስ ብሎ ብርሃኑ ከቀኝ እየመጣ የተገለበጠው ጥርስ ላይ ግን ከግራ የመጣ መሰለ። በሁለተኛው Liquify ውስጥ ገብቼ ከንፈሩንና ድዱን በFreeze Mask ሸፈንኩ፤ አለዚያ ጥርሱ ሲገፋ ከንፈሩም አብሮ ይጎተታል። ከጥርሱ ሰፋ ባለ ብራሽ፣ ግፊቱን ቀንሼ፣ የተደረበውን ጠርዝ ጥቂት ጥቂት አድርጌ ገፋሁት። ትንሽ ብራሽ ጠርዙን ያሞገሙገዋል።

ጥርሱ ሲቃና ግን ጎረቤቱ ላይ ጥሎት የነበረው ጥላ እዚያው ቀረ፤ እድፍ ይመስላል። በሌላ Curves ግማሹን ብቻ አቀለልኩት። ጨርሶ ባጠፋው ጥርሶቹ ይጣበቁ ነበር፤ አንዱን ከአንዱ የሚለየው በመካከላቸው ያለው ቀጭን ጨለማ ነው።

የላይኛዎቹን ሁለት የፊት ጥርሶች የሚለየው ክፍተት ቀረ። በመጀመሪያው ሥራ ዘግቼው ነበር፤ በዘመናዊ ማስታወቂያ የምናየው ፈገግታ ክፍተት ስለሌለው መሰለኝ። ፍንጭት በእኛ አገር ስንት የተዘፈነለት ውበት መሆኑን እንዴት እንደረሳሁት እንጃ! በሁለተኛው እንዳለ ተውኩት።

ፎቶውን አሳትሜ ስወስድላቸው እናትየው ገና ከኤንቨሎፑ ሳያወጡት «ፍንጭቷስ አለች?» አሉኝ።