በግድ የጸና ጎጆ፦ ያልተፋቱ ግን ያልተስማሙ ወላጆችና የልጆቻቸው ቃል የመግባት ፍርሃት በፎገራ ሜዳ

የሚወዱትን ሰው አግኝተው፣ ለትዳር የሚያበቃ ዕድሜ ላይ ደርሰው፣ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ሲቃረብ ግን ወደ ኋላ የሚያፈገፍጉ ወጣቶች አሉ። ጉዳዩ ሲነሣ በአብዛኛው ሁለት ማብራሪያዎች ይሰጣሉ። አንደኛው የኑሮ ውድነትና የመሬት እጦት ነው፤ ሁለተኛው የወላጆች ፍቺ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚቀር ሦስተኛ ወገን ግን አለ፤ ወላጆቹ ፈጽሞ ያልተፋቱ፣ ነገር ግን በአንድ ጣራ ሥር ሳይስማሙ ዕድሜያቸውን የገፉ ልጅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ይኸው ሦስተኛው ወገን ሲሆን፣ ማሳያው የወረታ ከተማና በዙሪያዋ የሚገኘው የፎገራ ሜዳ ነው።

በኢትዮጵያ ፍቺ እንግዳ ነገር አይደለም። ዳና ቲልሰንና ኡላ ላርሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶ ያህሉ በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚያበቁ፣ ከተፋቱት ሴቶች መካከልም ሁለት ሦስተኛው የሚፋቱት በጋብቻ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት እንደሆነ አሳይተዋል። በአማራ ገጠር የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሌ ፊት ንብረት ተካፍሎ ሊፈርስ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። እንግዲህ መለያየት ይህን ያህል የተለመደ ከሆነ፣ ሳይስማሙ አብረው የሚኖሩት ለምን ይኖራሉ የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

መልሱ በከፊል በጋብቻው ዓይነት፣ በከፊል በመሬቱ ላይ ይገኛል። በቁርባን የተፈጸመ ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የማይፈታ ቃል ኪዳን ነው፤ ባልና ሚስት ቢቀያየሙም እንኳ መለያየት ከምሥጢራት መራቅን ስለሚያስከትል ብዙዎች ቅያሜውን ይዘው ይቀጥላሉ። ከዚህ ጋር የመሬቱ ነገር ይደረባል። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በርብና በጉማራ ወንዞች የሚጥለቀለቅ ዝቅተኛ ምድር ነው። ሩዝ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአካባቢው መዝራት ከተጀመረ ወዲህ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ይተኛበት የነበረው መሬት ገንዘብ የሚያስገኝ ማሳ ሆኗል። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ባልና ሚስት በፍቺ ጊዜ የጋራ ንብረታቸውን እኩል እንዲካፈሉ ይደነግጋል፤ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩም በሁለቱም ስም ይወጣል። ይህ ድንጋጌ በተለይ ሚስትን ባዶ እጇን ከመውጣት ይጠብቃታል። ይሁን እንጂ አንድ ጥማድ በሬና ጥቂት ቃዳ መሬት ለሁለት ሲከፈል ግማሹ ማንንም አያኖርም። ስለዚህ ንብረቱ ያነሰበት ጥንድ መብቱ ቢኖረውም መውጫው ይጠብበታል።

የሥነ ልቡና ተመራማሪዎቹ ስኮት ስታንሊና ሃዋርድ ማርክማን እ.ኤ.አ. በ1992 በጥንዶች መካከል ያለውን መጽናት በሁለት ከፍለውታል። የመጀመሪያው በውድ መጽናት ሊባል ይችላል፤ ሰው የትዳር ጓደኛውን ስለሚፈልግ፣ የወደፊቱንም ከእርሱ ጋር ስለሚያስብ የሚጸናው ነው። ሁለተኛው በግድ መጽናት ነው፤ መለያየት ከሚያስከትለው ኪሳራ የተነሣ፣ ማለትም በንብረት፣ በልጆች፣ በእምነትና በዘመድ ምክንያት የሚጸናው ነው። በደኅና ትዳር ሁለቱም ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ግዴታውም የክፉ ቀን ድጋፍ ይሆናል። ባልተስማማ ትዳር ውስጥ ያደገ ልጅ ግን የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ነው። በእርሱ ዓይን ቃል መግባት ማለት የፍላጎት መጀመሪያ ሳይሆን የመውጫ በር መዘጋት ነው።

ይህ ልዩነት የፍቺ ልጆችንና ያልተፋቱ ጥንዶችን ልጆች አንድ አድርጎ ማየት ለምን እንደሚያሳስት ያስረዳል። ፖል አማቶና ዳኔል ደቦር በአሜሪካ ወላጆችንና ልጆቻቸውን ለ17 ዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረቡት ጥናት፣ የወላጆች ፍቺ የልጆችን የመፋታት ዕድል በእጥፍ ገደማ እንደሚያሳድግ አግኝተዋል፤ ሳይስማሙ ነገር ግን ሳይፋቱ የኖሩ ወላጆች ልጆች የመፋታት ዕድል ግን ከሌሎች ከፍ ያለ ሆኖ አልተገኘም። አጥኚዎቹ ምክንያቱን የፍቺ ልጆች ጋብቻ የዕድሜ ልክ ነው በሚለው ደንብ ላይ ያላቸው እምነት በመላላቱ ነው ያያዙት። ከዚህ ተነሥቶ ሲታሰብ፣ ያልተፋቱት ልጅ ደንቡን አልጣለም፤ እንዲያውም ጋብቻ የማይወጡበት ነገር መሆኑን አጥብቆ ያምናል። የሚፈራውም ስለሚያምን ነው። በተጨማሪ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል፤ የፍቺ አኃዝ የሚቆጥረው ያገቡትን ነው። ፈርቶ ከደጃፉ የተመለሰው ሰው በዚህ አኃዝ ውስጥ አይታይም።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ለማብራሪያ የተቀናበረ ምሳሌ እንውሰድ። ከወረታ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኝ ቀበሌ ያደገና አሁን በከተማዋ ተቀጥሮ የሚሠራ የ30 ዓመት ወጣት ነው እንበል። ወላጆቹ በቁርባን የተጋቡ ናቸው። ቤት ውስጥ በቀጥታ አይነጋገሩም፤ እናት «አባትህን ራት ቀርቧል በለው» ትለዋለች፤ አባት «እናትህን በሬዎቹን ማን አሠማራ በላት» ይለዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሩዙ ታጭዶ ሲወቃ፣ ከሽያጩ ገንዘብ የተነሣ ቅያሜው ወደ ጠብ ይለወጣል። ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ እርሱ ግን ከብት እንዲያግድ ወይም ውኃ እንዲቀዳ ወደ ውጭ ይላካል። ማታ ሲመለስ ጠቡ ቆሟል፤ እንዴት እንደቆመ ግን ማንም አልነገረውም።

ይህ ወጣት ከአንዲት ልጅ ጋር ሁለት ዓመት በመልካም ቆይቷል። ለመቅረብ፣ ለመውደድ፣ ለመርዳት አልተቸገረም። ችግሩ የጀመረው የልጅቱ ወንድም በገበያ መካከል «አማቼ» ብሎ በጠራው ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣ፤ ቀድሞ የማያያቸውን ጉድለቶቿን መቁጠር ያዘ። ደክሟት ዝም ስትል ዝምታዋን እንደ እናቱ ዝምታ ተረጎመው። ሽማግሌ ለጥር ይላካል ተብሎ የነበረው ወደ ፋሲካ ማግሥት፣ ከዚያም ወደ ሚቀጥለው ዓመት ተሸጋገረ። ልጅቱ ተስፋ ቆርጣ ስትርቅ ፍርሃቱ ለቀቀው፤ ናፍቆቱም ተመለሰ። ተመልሶ ታረቃት፤ የቀጠሮ ወሬ ሲነሣ ግን ሁሉም እንደ አዲስ ጀመረ። የዚህ ፍርሃት መለያ ይህ ዑደት ነው፤ የሚነሣው በቅርበት መጠን ሳይሆን ግንኙነቱ በአደባባይ ታውቆ የማይመለስበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው።

ይህን ፍርሃት ከኢኮኖሚ መዘግየት መለየት ግድ ይላል፤ በፎገራ መሬት ያልደረሰው ወይም ቋሚ ገቢ የሌለው ወጣት ጋብቻን ቢያዘገይ ስሌት እንጂ ፍርሃት ላይሆን ይችላልና። መለያው መሰናክሉ ሲነሣ የሚሆነው ነገር ነው። ቤት እስካገኝ ያለ ሰው ቤቱን ሲያገኝ ሽማግሌ ከላከ፣ ምክንያቱ በእርግጥ ቤቱ ነበር። ቤቱ ተገኝቶ ምክንያቱ ወደ ትምህርት፣ ትምህርቱ አልቆ ወደ ሌላ ከተዛወረ ግን ምክንያቱ መሸፈኛ ነው። ሌላም መታወቅ ያለበት አለ፤ የወደፊት የትዳር ጓደኛ የሚሳደብ፣ የሚማታ ወይም ገንዘብ የሚደብቅ ከሆነ ማፈግፈጉ ጥንቃቄ ነው። በጥንቃቄ የሚያፈገፍግ ሰው የሚርቀው ከዚያ ሰው ነው፤ በፍርሃት የሚያፈገፍገው ግን ማንም ቢሆን ከዚያው ደረጃ ላይ ይመለሳል።

ፍርሃቱ ለምን እንደሚጸና ለመረዳት ወደ ሽምግልናው መመለስ ይጠቅማል። ማርክ ከሚንግስና ባልደረቦቹ ልጆች የትልልቆችን ጠብ ሲመለከቱ ምን እንደሚሰማቸው ባጠኑባቸው ሥራዎች፣ ጠቡ በእርቅ ሲያበቃ ያየ ልጅ ጭንቀቱ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እርቁ ከልጁ ዓይን ውጭ ቢፈጸምም፣ መታረቃቸው በኋላ ሲነገረው ጭንቀቱ ይቀልለታል። በምሳሌው ቤት የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ልጁ ጠቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቷል፤ ሽማግሌዎቹ የተናገሩትን፣ አባት ያመነውን ጥፋት፣ እናት የጠየቀችውን ካሣ ግን አልሰማም። ለነውር ተብሎ የተሸሸገው እርቅ፣ ልጁ ትዳር ሲታመም እንደሚታከም የሚማርበት ብቸኛው አጋጣሚ ነበር። በዚህም የተነሣ ጠብን እንጂ የጠብን መፍቻ ሳያውቅ አደገ።

ይህ እውቀት ለሚያማክሩ ሰዎች፣ የንስሐ አባትም ሆኑ ባለሙያ፣ ግልጽ አንድምታ አለው። «አግባ፣ ከገባህበት በኋላ ትለምደዋለህ» የሚለው የተለመደ ግፊት የሚፈራውን ነገር ራሱን ይደግማል፤ በዘመድ ውትወታ የተገባበት ትዳር ገና ከመነሻው በግድ የጸና ነውና። የተሻለው መንገድ አስቀድሞ የጎደለውን ማሳየት ነው። ወጣቱ ከወላጆቹ አንዱን፣ ወይም ያኔ ሽማግሌ ከነበሩት አንዱን፣ እርቁ እንዴት እንደተፈጸመ ቢጠይቅ የጎደለው የታሪኩ ግማሽ ይሞላለታል። ከእጮኛው ጋርም በጥቅሉ ስለ ፍቅር ከመነጋገር ይልቅ ወላጆቹ ይጋጩበት በነበረው ነጥብ ላይ፣ ማለትም የምርቱ ገንዘብ በማን እጅ እንደሚቀመጥና ሲቀያየሙ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ከሽማግሌው በፊት ቢስማሙ ፍርሃቱ የሚጨበጥ መልክ ይይዛል። ሁሉም ልጅ እኩል አይጎዳም፤ ከአንድ ቤት ወንድማማቾችና እኅትማማቾች መካከል ብርቱው ሸክም የሚወድቀው በአብዛኛው መልእክት አመላላሽ ሆኖ ባደገው ላይ ነው።

ለአጥኚዎች ደግሞ ጉዳዩ ከመጠይቅ አዘገጃጀት ይጀምራል። «ወላጆችህ ተፋትተዋል?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ የምሳሌውን ወጣት «አልተፋቱም» በሚለው ረድፍ ውስጥ፣ በሰላም ከኖሩ ወላጆች ልጆች ጋር አንድ ላይ ይመዘግበዋል። ከዚያም ሁለቱ ወገኖች ተደምረው ከፍቺ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ የልዩነቱ መጠን ደብዝዞ ይወጣል። ስለዚህ ከፍቺው ጥያቄ ጎን ለጎን ቢያንስ ሦስት ነገሮች መጠየቅ አለባቸው፤ ወላጆች በልጅነቱ ጊዜ በቀጥታ ይነጋገሩ እንደነበር፣ ሲጣሉ እርቃቸውን አይቶ እንደሆነ፣ እንዲሁም አብረው ያኖራቸው ፍላጎት ነው ወይስ ግዴታ ብሎ እንደሚያምን። ከእነዚህ መካከል ሦስተኛው የወላጆቹን ትዳር ትክክለኛ ታሪክ ላይነግር ይችላል፤ ልጁ ከዚያ ትዳር ስለ ራሱ የወደፊት ሕይወት ምን እንደተማረ ግን ይነግራል።