ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣትና ጨጓራ አንድ ላይ ሲመጡ

በአንድ የግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል የምትሠራ የ34 ዓመት ሴት እናስብ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ከሚያዝያ ጀምሮ ከቢሮ የምትወጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው። ቁርስ ሳትቀምስ ቡና ትጠጣለች፤ ምሳዋ አንዳንዴ 9 ሰዓት ይሆናል፤ 10 ሰዓት ላይ ደግሞ እንዳትደክም ሌላ ቡና ትደግማለች። ከሰዓት በኋላ ግንባሯንና ማጅራቷን ወጥሮ ይይዛታል። በሳምንት አራት አምስት ቀን አይቡፕሮፌን ትውጣለች። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትነቃና ያልተዘጋውን ሂሳብ እያሰላሰለች ያነጋታል። በሰኔ አጋማሽ ሆዷ ከደረቷ በታች ማቃጠል ይጀምራል፤ ጥቂት ስትበላ ትጠግባለች፤ ይነፋታል።

ይህች ሴት ለራስ ምታቱ መድኃኒት ቤት ትሄዳለች፣ ለሆዷ ክሊኒክ ትታያለች፣ እንቅልፉን ግን ለማንም አትነግርም። ሦስቱም የየራሳቸው በሽታ ይመስላሉ። እውነቱ ግን አንዱ ሌላውን እየጎተተ ያመጣው መሆኑ ነው። አንዱን ብቻ ለይቶ ማከም የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

ጭንቀት አካልን እንደሚጎዳ በቤተ ሙከራ ካሳዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሐኪሙ ሃንስ ሰልዬ ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ በብርድ፣ በድካምና በመርዝ የተጨነቁ አይጦች ጭንቀታቸው የተለያየ ቢሆንም ሰውነታቸው ላይ የታየው ጉዳት ተመሳሳይ መሆኑን ገለጸ። ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎቻቸው አብጠው፣ ጨጓራቸውም ቆስሎ ተገኝቷል። እነዚህ እጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ቅመሞችን ወደ ደም ይለቃሉ። ቅመሞቹ ለአጭር ጊዜ ሲነሱ ይጠቅማሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይጠነክራል፣ ምግብ መፍጨት ለጊዜው ይገታል። ችግሩ የሚመጣው ይህ ሁኔታ ለወራት ሳይበርድ ሲቀር ነው።

ጡንቻው ከማጅራት እስከ ግንባር ሳይላላ ሲቆይ የሚመጣው ሕመም በሐኪሞች ዘንድ የውጥረት ራስ ምታት ይባላል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ሁለቱንም የራስ ጎን ይይዛል፤ እንደ ሻሽ ጥብቅ አድርጎ ያስራል እንጂ አይወጋም፤ ብንራመድ ወይም ደረጃ ብንወጣ አይብስም። ከግማሽ ሰዓት አንስቶ እስከ ቀናት ሊቆይ ይችላል። በአንድ ወገን የሚወጋ፣ የሚያቅለሸልሽና ብርሃን የሚያስጠላ ከሆነ ግን ማይግሬን ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ይለያል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማስታገሻው ነው። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለሚበልጥ ጊዜ ከተወሰደ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። የሂሳብ ሠራተኛዋ በሳምንት አራት አምስት ቀን ስትወስድ በወር ወደ 18 ቀን ይደርሳል፤ ስለዚህ ከሰኔ በፊት ይረዳት የነበረው ኪኒን አሁን ሕመሙን የሚያራዝም ሆኗል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ሌላ ጠንካራ ማስታገሻ መፈለግ ሳይሆን በሐኪም ምክር ማቆም ነው። ካቆመች በኋላ ባሉት ቀናት ሕመሙ ይብስባታል። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ኪኒኑ ይመለሳል።

ጉዳቱ በራስ ላይ ብቻ አይቆምም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀውን መከላከያ ያሳሳሉ። በባዶ ሆድ ከሚጠጣ ቡናና ከተዘለለ ምሳ ጋር ሲገናኙ ማቃጠሉ አይገርምም። ፓራሲታሞል ጨጓራን በዚህ መንገድ አይጎዳም፤ ብዙ ሲወሰድ ግን ጉበትን ይጎዳል።

በአገራችን ሆዱን ያመመው ሰው ሁሉ «ጨጓራ አለብኝ» ይላል። ለረጅም ዘመን ሐኪሞችም የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀት ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ግን ከአብዛኛው ቁስለት ጀርባ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ እንዳለ አሳዩ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዚህ ነው። ስለዚህ ምርመራው አስፈላጊ ነው። በሌላ በኩል ባክቴሪያው በኢትዮጵያ ከብዙ ጤነኛ ሰዎች ሆድ ውስጥም ይገኛል። በምርመራ ተገኘ ማለት የሚያመው በእርግጥ እሱ ነው ማለት አይደለም። ባክቴሪያው ታክሞ ጠፍቶ፣ በኢንዶስኮፒም ምንም ቁስል ሳይታይ ሕመሙ የሚቀጥልባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። በእነሱ ላይ ጨጓራውና አንጎሉ የሚነጋገሩበት የነርቭ መስመር ከልክ በላይ ስሜታዊ ሆኗል። ሕመሙ የውሸት አይደለም፤ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት በቀጥታ የሚያባብሱት ይህን ዓይነቱን ነው። ለምርመራ ሲኬድ አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው የሰገራ ምርመራው ባክቴሪያውን ሊያሳየው ስለማይችል፣ ሐኪሙን አማክሮ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ማቆም አለበት።

እንቅልፉስ? የቡና ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። 10 ሰዓት ላይ የተጠጣው ቡና ማታ 3 ሰዓት ላይም ግማሹ በሰውነት ውስጥ አለ። ኮርቲሶል ደግሞ በተፈጥሮው እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ብሎ ወደ ንጋት ይጨምራል፤ በተጨነቀ ሰው ላይ ግን ማታም በሚገባው ልክ ላይወርድ ይችላል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ሕመም ይበልጥ ይሰማዋል። ለድካሙ ቡና ይጨምራል፣ ለሕመሙ ኪኒን ይጨምራል፤ ኪኒኑና ቡናው ሆዱን ይነኩታል፤ ሆዱ ሌሊት ይቀሰቅሰዋል።

ይህን ሰንሰለት ለማየት ቀላሉ መንገድ ለአንድ ወር በየቀኑ አምስት ነገር መጻፍ ነው፦ ራስ ምታት ነበር ወይ፣ ስንት ኪኒን ተወሰደ፣ የመጨረሻው ቡና ስንት ሰዓት ነበር፣ ምሳ ስንት ሰዓት ተበላ፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ተነቃ። ጎኑ ላይ ከሥራ የተወጣበት ሰዓት ይጻፍ። ሕመሙ ሥራ በሚከማችበት ሳምንት እየከረረ፣ በዕረፍት ፈቃድ ጊዜ ከቀለለ ምንጩ ይታያል። በአንድ እሑድ ብቻ አለመሻሉ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ የወራት ድካም በአንድ ቀን አይወጣም፤ እሑድ ቡናውን አርፍዶ መጠጣትም በራሱ ራስ ምታት ያስነሳል።

የሂሳብ ሠራተኛዋ መጀመሪያ የምትለውጠው ከሰዓት በኋላ ያለውን ቡናና የምሳ ሰዓቷን ነው፤ ቀጥሎ በሐኪም ምክር ማስታገሻውን ትተዋለች። ሌሊት ነቅታ ሃያ ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልወሰዳት ከአልጋ ወርዳ ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ክፍል ትቆያለች፤ እንቅልፏ ሲመጣ ትመለሳለች። አልጋ ላይ ሆኖ ሂሳብ ማሰላሰል ሲደጋገም አንጎል አልጋን የመንቂያ ቦታ አድርጎ ይለምደዋል።

ጫና ነው ብሎ ፈጽሞ መታለፍ የሌለበትም አለ። በድንገት የፈነዳ ከባድ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት ራስ ምታት፣ የአንድ ጎን መዛል፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ራስ ምታት፣ ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ለመዋጥ መቸገርና ያለምክንያት መክሳት ሐኪም ዘንድ ያስኬዳሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱና የደም ምልክቶቹ ደግሞ በዚያው ቀን ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ሥራው ራሱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሠራተኛዋ የጻፈችው ወረቀት ከሥራ የወጣችበትን ሰዓትና የታመመችበትን ቀን ጎን ለጎን ያሳያል። ወረቀቱን ለሐኪሟ ካሳየች በኋላ ለኃላፊዋም ማቅረብ ትችላለች፤ የሂሳብ መዝጊያው ሥራ ከሚያዝያ ጀምሮ ለሁለት ሰው እንዲከፈል ስትጠይቅ በእጇ ያለው ምሬት ሳይሆን የአንድ ወር መዝገብ ይሆናል።