ተርጓሚው ውጤት አይመዝንም

አንዲት መምህርት በአማርኛ የተጻፈ የማሰልጠኛ ተቋም ምስክር ወረቀቷን አሜሪካ ውስጥ ልታስገመግም ነው እንበል። ወረቀቱ «በጣም ጥሩ» ይላል፤ ተርጓሚው ግን ሊረዳት ብሎ «ቢ» ብሎ ጻፈ። ትርጉሙን ውድቅ ሊያስደርግ የሚችለው ይህ ደግነት ነው። ውጤቱን ወደ አሜሪካ ደረጃ መለወጥ የገምጋሚው ሥራ ነው፤ ተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ያስተላልፋል። ማኅተሙ፣ ፊርማው፣ በእጅ የተጨመረችው ማስታወሻም ሳይቀሩ ይገለጻሉ።

ቀኑም ያሳስታል። ሰኔ 30 ቀን 1985 ዓ.ም. እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ ጁላይ 7 ቀን 1993 መሆኑ በተርጓሚ ማስታወሻነት በቅንፍ ይታከላል። ተርጓሚው በመጨረሻ ሁለቱን ቋንቋዎች እንደሚያውቅና ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን በስሙ፣ በፊርማውና በቀን ያረጋግጣል። ባለጉዳይዋ ራሷ ብትተረጉመው፣ እንግሊዝኛዋ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አብዛኛውን ጊዜ ተቀባይነት አያገኝም።