አንድ አቅራቢ፣ ሁለት ኮድ

አንድ ድርጅት የጭነት መኪናዎቹን ሁልጊዜ በአንድ ጋራዥ ያስጠግናል እንበል። የጋራዡ ባለቤት ኃይሉ ይባላል። መጀመሪያ የመዘገበው የግዥ ሠራተኛ ስሙን «ኃይሉ» ብሎ ጻፈው። ያ ሠራተኛ ሥራ ለቀቀና በእሱ ቦታ የገባችው ልጅ ጋራዡን በሲስተሙ ስትፈልግ «ሀይሉ» ብላ ጻፈች። ምንም አልመጣላትም። እኛ ኃን እና ሀን በአንድ ድምፅ እናነባቸዋለን፤ ለኮምፒውተር ግን የየራሳቸው ኮድ ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ አዲስ አቅራቢ ለመክፈት ደግሞ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ልጅቷ ከፈተች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዱ ጋራዥ በድርጅቱ መዝገብ ላይ ሁለት ሆነ።

ለጊዜው ማንም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ክፍያ ላይ ነው። ጋራዡ ለአንድ መኪና ጥገና 162,000 ብር ከነ15 በመቶ ቫቱ፣ በድምሩ 186,300 ብር ይጠይቃል። የደረሰኙን ፎቶ አስቀድሞ በቴሌግራም ይልካል። ሂሳብ ክፍል ያለ አንድ ሠራተኛ ፎቶውን ይዞ በአሮጌው ኮድ ይመዘግባል፤ ይከፈላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዋናው ወረቀት በሾፌሩ እጅ ይደርሳል። ሌላዋ ሠራተኛ ተቀብላ በአዲሱ ኮድ ትመዘግበዋለች። እሱም ይከፈላል።

ሲስተሙ ለምን ዝም አለ? በኢትዮጵያ ትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ የሚታወቀው ኤስኤፒም ሆነ ሌሎቹ የሂሳብ ሲስተሞች ድርብ ክፍያን የሚከላከል ቁጥጥር አላቸው። ደረሰኝ ሲገባ፣ ያው አቅራቢ በዚያው ቁጥር፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው የገንዘብ መጠን ሌላ ደረሰኝ አስገብቶ እንደሆነ ያያሉ። ቁጥጥሩ የሚጀምረው «ያው አቅራቢ» ከሚለው ነው። አቅራቢው በሁለት ኮድ ከተቀመጠ ቁጥሩም፣ ቀኑም፣ ብሩም አንድ ሆኖ ሳለ ሲስተሙ የሚያየው የሁለት ሰዎችን ሁለት ደረሰኝ ነው። ሶፍትዌሩ አልተበላሸም፤ የተበላሸው የሚመለከተው መዝገብ ነው። ለዚህ ነው ይህን ነገር የኮምፒውተር ክፍሉ ጉዳይ አድርጎ መተው ትልቅ ስህተት ነው የምለው።

የደንበኛ፣ የአቅራቢና የዕቃ መዝገቦች በሙያው ማስተር ዳታ ይባላሉ። በየቀኑ ከሚመዘገበው ሽያጭና ግዥ የሚለዩት እያንዳንዱ ግብይት እነሱን እየጠቀሰ ስለሚኖር ነው። አንድ ደረሰኝ ቢሳሳት አንድ ደረሰኝ ነው የተሳሳተው። የአቅራቢው መዝገብ ከተሳሳተ ግን ከዚያ በኋላ በስሙ የሚገባው ሁሉ ስህተቱን ይወርሳል።

መድኃኒቱ የሚጀምረው ስምን መለያ አድርጎ መጠቀምን በመተው ነው። የእኛ ስም በተለይ ለዚህ አይመችም። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስና የአባት ስም የሚጋሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍም አንዱ ፀሐይ `Tsehay`፣ `Tsehai`፣ `Sehay` እየሆነ ይመጣል። ለአቅራቢ የተሻለው መለያ አሥር አሃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ሁላችንም ቲን የምንለው ነው። መዝጋቢው አስቀድሞ ቲኑን እንዲያስገባ፣ ቁጥሩ በመዝገቡ ካለ ደግሞ ሲስተሙ የድሮውን ገጽ እንዲከፍትለት ማድረግ ይቻላል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» በመጀመሪያው ደቂቃ ይገናኙ ነበር።

ቲንም ቢሆን ገደብ አለው። አንድ ግለሰብ የሚኖረው አንድ ቲን ነው፤ በእሱ ግን ጋራዥም የመለዋወጫ ሱቅም ሊከፍት ይችላል። እዚህ ላይ ትክክለኛው አሠራር በአንድ የአቅራቢ መዝገብ ሥር ሁለት አድራሻ መያዝ ነው። ሲስተሙ ይህን ካልፈቀደ ሠራተኛው ሁለተኛ ኮድ ለመክፈት ይገደዳል፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። የውጭ አገር አቅራቢ ደግሞ የእኛን ቲን አይይዝም፤ በአገሩ የተመዘገበበት ቁጥር ይወሰዳል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ቲን ግዴታ ሲሆንና ሠራተኛው ቁጥሩ በእጁ ሳይኖር ሲቸኩል የሚሆነው ነው። ያን ጊዜ `0000000000` ይጻፋል። የአንድን ድርጅት መዝገብ ጤንነት በአምስት ደቂቃ ማወቅ የፈለገ ሰው የአቅራቢዎቹን ዝርዝር በቲን ቅደም ተከተል ይደርድረው። ዜሮ ብቻ የሆኑት፣ `1234567890` የሚሉትና ሁለት ሦስቴ የተደገሙት ተሰልፈው ይታዩታል። ቀጥሎ በባንክ ሂሳብ ቁጥር ይደርድር። ሁለት አቅራቢዎች አንድ የባንክ ሂሳብ ካላቸው ወይ አንድ አቅራቢ ሁለቴ ተመዝግቧል፣ ወይ ደግሞ ጉዳዩ ከድግግሞሽ ይከፋል፤ ለኦዲት ክፍል መነገር አለበት።

እዚህ ላይ ነው የባለቤትነት ጥያቄ የሚመጣው። በብዙ መሥሪያ ቤት «የአቅራቢ መዝገብ የማን ነው?» ብትሉ ግዥ ክፍል ወደ ፋይናንስ፣ ፋይናንስ ወደ አይቲ ያመለክታል። አይቲ ሲስተሙ እንዲሠራ ያደርጋል እንጂ ኃይሉ ማን እንደሆነ አያውቅም። ባለቤት የምንለው «ይህ ይገባል፣ ይህ አይገባም» የማለት ሥልጣን ያለውንና ሲበላሽ የሚጠየቀውን ነው። አንድ መዝገብ ደግሞ የግድ አንድ ባለቤት ብቻ አይኖረውም። የአቅራቢውን ስም፣ ንግድ ፈቃድና አድራሻ ማረጋገጥ የግዥ ኃላፊው ድርሻ ነው፤ የባንክ ሂሳቡና የግብር መረጃው የፋይናንስ ኃላፊው። አዲስ ኮድ የሚከፍተው ሰው ክፍያ የሚያዘጋጅ መሆን የለበትም፤ ሁለቱ በአንድ እጅ ከሆኑ የሌለ አቅራቢ ፈጥሮ ለራሱ መክፈል ይችላል።

የባንክ ሂሳብ ቁጥር ለውጥ ለብቻው ጥብቅ ሥርዓት ያስፈልገዋል። «ሂሳባችንን ቀይረናል» የሚል ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ሲመጣ፣ በደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ዋጋ የለውም። አጭበርባሪ ከሆነ ስልኩንም የጻፈው እሱ ነው። የሚደወለው ቀድሞ በመዝገቡ ላይ ወዳለው ቁጥር ነው፤ የደወለውና ለውጡን ያጸደቀው ደግሞ ሁለት ሰዎች መሆን አለባቸው።

የዕቃ መዝገብ ከአቅራቢ ይልቅ ይከብዳል፤ ዕቃ ቲን የለውምና። በአንድ ፋብሪካ መጋዘን ሲስተም ላይ እነዚህ ሦስት መስመሮች አሉ እንበል፦

```
100482  BEARING 6205-2RS
103117  Ball bearing 6205 DDU NSK
107950  kushineta 25x52x15 motor
```

ሦስቱም አንድ ኩሽኔታ ሊሆኑ ይችላሉ። 6205 የሚለው ዓለም አቀፍ የመጠን መለያ ነው፤ የውስጥ ቀዳዳው 25፣ የውጭው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። 2RS በሁለቱም ጎን የጎማ ክዳን እንዳለው ይናገራል፤ ኤንኤስኬ የተባለው የጃፓን አምራች ተመሳሳዩን በDDU ይገልጸዋል። ሦስተኛውን የመዘገበው ሰው ኩሽኔታውን ለክቶ፣ መካኒኩ በሚጠራበት ስም አስገብቶታል። መካኒኩ አንዱን ኮድ ጠይቆ «የለም» ይባላል፤ ሞተሩ ይቆማል፤ ግዥ ክፍል ለአስቸኳይ ግዥ ፕሮፎርማ ያሰባስባል። በዚህ መሐል በሌላው ኮድ ሥር አሥር ኩሽኔታ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ግን እዚህ ቸኩሎ መጠቅለል አደገኛ ነው። ሦስተኛው መስመር ስለ ክዳኑ ምንም አይልም። መጠኑ አንድ ሆኖ ክዳኑ የብረት ከሆነ ZZ የሚባለው ዓይነት ነው። የብረቱ ክዳን የውስጡን ቀለበት ስለማይነካ ውኃና ደቃቅ አቧራ እንደ ጎማው አያግድም። ውኃ የሚረጭበት ሞተር ላይ ቢገባ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ሦስቱን አንድ ናቸው ብሎ ለመወሰን ቴክኒክ ክፍል የሚያውቅ ሰው መደርደሪያው ዘንድ ሄዶ፣ ዕቃውን አንስቶ በጎኑ የተቀረጸውን ማንበብ አለበት። ስክሪን ላይ ተቀምጦ የሚወሰን ነገር አይደለም። የዕቃ መግለጫ ባለቤት ቴክኒክ ክፍል እንዲሆን የምመክረውም ለዚህ ነው፤ መጋዘን የመለኪያውን አሃድ፣ ፋይናንስ ደግሞ የሂሳብ መደቡን ይያዙ።

የአሜሪካ ጦር ይህን ችግር በትልቁ አይቶታል። ምድር ጦሩና ባሕር ኃይሉ አንዱን ዕቃ በየራሳቸው ስምና ቁጥር ይይዙ ስለነበር፣ አንዱ ክፍል የተረፈውን ሌላው በአዲስ ይገዛ ነበር። በ1952 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ኮንግረስ ለሁሉም አንድ ካታሎግ እንዲኖር በሕግ ደነገገ። ዛሬ ኔቶ የሚጠቀምበት ባለ 13 አሃዝ የዕቃ ቁጥር የዚያ ሥራ ውጤት ነው። ለእኛ ፋብሪካ የሚጠቅመው ቁጥሩ ሳይሆን የአጻጻፍ ሥርዓቱ ነው፦ መጀመሪያ የዕቃው ስም፣ ቀጥሎ ዓይነቱ፣ ከዚያ መጠኑና መለያ ባሕርዩ፤ የአምራቹ ስምና ቁጥር ግን በሌላ ሳጥን። እንዲህ ከሆነ ሦስቱ መስመሮች `BEARING, BALL, 25X52X15 MM, RUBBER SEAL 2 SIDES` የሚል አንድ መግለጫ ይኖራቸዋል፤ «ኩሽኔታ» የሚለው ቃልም በመፈለጊያው ሳጥን ይቀመጣል እንጂ አይጣልም። መካኒኩ የሚያውቀውን ቃል ጽፎ ማግኘት ካልቻለ አዲስ ኮድ እንዲከፈትለት ይጠይቃል፤ ድግግሞሹም እንደገና ይጀምራል።

ደንበኛ ላይ ያለው ጉዳት አጭር ነው። የ500,000 ብር የዱቤ ጣሪያ የተፈቀደለት ነጋዴ በሁለት ኮድ ከተመዘገበ እስከ አንድ ሚሊዮን ብር ዕቃ ይወስዳል፤ ጣሪያው የሚቆጠረው በኮድ ነውና። ስሙንና አድራሻውን ሽያጭ ይያዘው፤ የዱቤ ጣሪያውን ግን ፋይናንስ።

ድግግሞሽ ከተገኘ በኋላ የሚሠራው ሥራ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የኃይሉን ሁለተኛ ኮድ መሰረዝ አይቻልም፤ ያለፈው ዓመት ደረሰኞች በእሱ ሥር ናቸው፣ ኦዲተርም ይፈልጋቸዋል። መጀመሪያ የትኛው ኮድ እንደሚቀጥል ይወሰናል፤ ብዙ ጊዜ ቲኑና የባንክ ሂሳቡ የተረጋገጠለት ይመረጣል። ቀጥሎ በሚዘጋው ኮድ ሥር ያልተከፈለ ደረሰኝ፣ ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ፣ ያልተጠናቀቀ የግዥ ትእዛዝ መኖር አለመኖሩ ይታያል፤ ካለ ወደሚቀጥለው ይዛወራል። ከዚያ አሮጌው ለአዲስ ግብይት ይታገዳል፤ በስሙ ፊት «በዚህ ኮድ ተጠቀሙ» የሚል ማመላከቻ ይጻፋል። በመጨረሻ የሁለቱም ኮዶች ደረሰኞች አንድ ላይ ወጥተው፣ የአቅራቢውን ኮድ ትቶ በደረሰኝ ቁጥርና በብር መጠን ይደረደራሉ። 186,300 ብሩ ሁለት ጊዜ መከፈሉ የሚታየው እዚያ ላይ ነው፤ ከጋራዡ ቀጣይ ደረሰኝ ላይ እንዲቀነስም ለኃይሉ ደብዳቤ ይጻፍለታል።