የኦዲት አስተያየት ዓይነቶችና ትርጉማቸው

ኦዲተር የአንድን መሥሪያ ቤት የሒሳብ መግለጫ መርምሮ ከአራት ዓይነት አስተያየቶች አንዱን ይሰጣል። አስተያየቱ የሚወሰነው በሁለት ጥያቄዎች ነው፦ የተገኘው ችግር የሒሳብ ስሕተት ነው ወይስ የማስረጃ እጥረት? በተወሰነ ሒሳብ ላይ ብቻ የታየ ነው ወይስ መግለጫውን በስፋት የሚነካ?

ለአብነት በበጀት ዓመቱ 100 ሚሊዮን ብር ወጪ ያደረገ መሥሪያ ቤት ይወሰድ።

1. ነቀፌታ የሌለበት፦ በቂ ማስረጃ ቀርቦ፣ መግለጫው ከጎላ ስሕተት ነጻ ሆኖ ሲገኝ ይሰጣል።

2. ከተወሰኑ ጉዳዮች በስተቀር ተቀባይነት ያለው፦ የ8 ሚሊዮን ብር የነዳጅ ግዥ ደረሰኝ ባይገኝ፣ ሌላው ሒሳብ ግን ትክክለኛ ቢሆን የሚሰጠው ይህ ነው።

3. ተቀባይነት የሌለው፦ ማስረጃው ተሟልቶ ሳለ ወጪው፣ ንብረቱና ዕዳው በጉልህ ተዛብተው መመዝገባቸው ሲረጋገጥ ይሰጣል።

4. አስተያየት ለመስጠት ያልተቻለበት፦ የሒሳብ መዛግብትና የባንክ መግለጫዎች ባለመቅረባቸው አብዛኛውን ሒሳብ መመርመር ሳይቻል ሲቀር ነው።

አራተኛው ዓይነት ገንዘብ ለመመዝበሩ ማረጋገጫ አይደለም፤ ሒሳቡ ትክክል ይሁን አይሁን ማወቅ አለመቻሉን ብቻ ይገልጻል። የመጀመሪያውም ቢሆን ስለ ሒሳብ መግለጫው እንጂ መሥሪያ ቤቱ ስለሚሰጠው አገልግሎት ጥራት የሚናገረው የለም። በመሆኑም ሪፖርቱን የሚመለከት ተገልጋይ ከአስተያየቱ ጋር «ለአስተያየቱ መሠረት የሆኑ ጉዳዮች» የሚለውን ክፍል አብሮ ቢያነብ፣ የትኛው ሒሳብ በምን ያህል ገንዘብና በምን ምክንያት እንደተነቀፈ መረዳት ይችላል።