«ሰው ነግሮኝ ነው» የሚል ምስክር ፍርድ ቤት ለምን አይሰማም?

«እኔ አላየሁም፣ ግን የነገረኝ ሰው በዓይኑ አይቷል።» ለሰፈር ወሬ ይሄ በቂ ነው። የእንግሊዝን የሕግ ባህል በሚከተሉ አገሮች ግን ጠበቃ ተነስቶ ይቃወማል፣ ዳኛውም ብዙ ጊዜ ምስክሩን ያስቆመዋል። «የስሚ ስሚ» የሚባለው ማስረጃ ይሄ ነው። ለምን እንደሚከለከል በአንድ እውነተኛ ታሪክ እንየው።

እ.ኤ.አ. በ1603 ሰር ዋልተር ራሌይ የተባለ ታዋቂ እንግሊዛዊ በንጉሥ ጄምስ ላይ አሲሯል ተብሎ ዊንቸስተር ከተማ ለፍርድ ቀረበ። ዋናው ማስረጃ ወዳጁ ሎርድ ኮብሃም ታስሮ ሳለ የሰጠው ቃል ነበር። ቃሉ ተነበበ፣ ኮብሃም ግን አልቀረበም። ራሌይ ከሳሹ ፊት ለፊት እንዲመጣለት ደጋግሞ ቢጠይቅም እምቢ ተባለ።

ቀጥሎ ዳየር የሚባል መርከበኛ መሰከረ። ሊዝበን ሳለ አንድ ፖርቱጋላዊ «ንጉሡ ዘውድ ሳይጭን ራሌይና ኮብሃም ያርዱታል» እንዳለው ተናገረ። ራሌይ ሞት ተፈረደበት። ለዓመታት ከታሰረ በኋላ በ1618 በዚያው ፍርድ አንገቱ ተቀላ።

ችግሩ የቱ ላይ ነው? ዳየር ዋሽቷል እያልን አይደለም። በትክክል ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ግን ፖርቱጋላዊው ይህን ከየት አመጣው? ዳየርን መቶ ጊዜ ብንጠይቀው «እንዲህ አለኝ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። መጠየቅ ያለበት ሰውዬ አልማለም፣ ፊቱ አልታየም፣ መስቀለኛ ጥያቄም አልቀረበለትም። ኮብሃምም ቢሆን አንዴ በደብዳቤ ክሱን አንስቶ ነበር፣ በኋላ ደግሞ መልሶ ከሰሰ። የቱ እውነት እንደሆነ ለማጣራት ሰውየውን ራሱን ማፋጠጥ ያስፈልግ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2004፣ ለፖሊስ የተሰጠ የቀሪ ምስክር ቃል ተከሳሹን ለመወንጀል መቼ እንደማይቀርብ ሲወስን የራሌይን ጉዳይ አስታውሷል።

ግን ከሌላ ሰው አፍ የተሰማ ሁሉ የስሚ ስሚ አይደለም። አንድ ሰው ጎረቤቱን «እገድልሃለሁ» ሲል ሰምታችኋል እንበል። ክሱ ማስፈራራት ከሆነ እናንተ ቀጥተኛ ምስክር ናችሁ፣ ምክንያቱም ወንጀሉ ንግግሩ ራሱ ነው። «ከበደ ሰረቀ ብላ አልማዝ ነገረችኝ» ካላችሁ ግን መቅረብ ያለባት አልማዝ ናት። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ማረጋገጥ የተፈለገው መባሉን ነው ወይስ የተባለው እውነት መሆኑን? የተለዩ ሁኔታዎችም አሉ፣ ለምሳሌ ሊሞት ያለ ሰው ስለ ገዳዩ የተናገረው ቃል ሊሰማ ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በአንቀጽ 23 የስሚ ስሚ ማስረጃ በሽብር ጉዳይ ተቀባይነት እንዳለው በግልጽ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2012 በሌላ ተተክቷል።

በጽሑፍ መሆኑም ነገሩን አይለውጠውም። «እሱ ነው ያደረገው» የሚል የቴሌግራም ስክሪንሾት ቢቀርብ፣ ራሌይ የጠየቀው ጥያቄ ይመለሳል፦ ይህን ያለው ሰው የት አለ?