ለማያውቁት ጠበቃ የሚጻፍ የሥራ ደብዳቤ

አንድ ሰው ጥቅምት 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ከእስር ሲፈታ ፖሊስ ጣቢያው የሰጠውን ወረቀት ይዞ አሜሪካ ገባ እንበል። የገባው በዚያው ዓመት መጋቢት አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ ማርች 2017 ነው። ጥገኝነት ሲጠይቅ ወረቀቱን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰለት የአጎቱ ልጅ ነበር። ልጁ ዓመቱ ላይ 8 ደመረና «ኦክቶበር 30፣ 2017» ብሎ ጻፈ። በወረቀቱ መሠረት እንግዲህ ሰውየው ከእስር የተፈታው አሜሪካ ከገባ ከሰባት ወር በኋላ ሆነ።

ትክክለኛው ቀን ኦክቶበር 30፣ 2016 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ የሚደመረው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ፈረንጆቹ ዓመታቸውን ከቀየሩ በኋላ ነው። ይህን እኛ ስንሰማው ቀላል ነገር ይመስለናል። ጉዳዩን የሚያየው ዳኛ ግን የእኛን የዘመን አቆጣጠር የማወቅ ግዴታ የለበትም። በ2005 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ደግሞ ከጉዳዩ እምብርት የራቀ የሚመስል መጋጨት እንኳ የአመልካቹን ተአማኒነት ለመመዘን ሊያገለግል ይችላል።

አዲስ የተቋቋመ የአማርኛ የትርጉም ቢሮ ከኢሚግሬሽን ጠበቆች ቋሚ ሥራ ለማግኘት ሲነሳ፣ ሊጽፍ የሚገባው ስለዚህች አንዲት ዓመት ነው። ብዙዎቹ የሚጽፉት ግን ሌላ ነው። «በ60 ቋንቋዎች ፈጣን፣ ጥራት ያለውና ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው አገልግሎት እንሰጣለን፤ በመንግሥት የተመሰከረልን ነን፤ ዝርዝሩን ከአባሪው ይመልከቱ» ይላሉ። ጠበቃው ይህን ከሁለተኛው መስመር አያሳልፈውም። 60 ቋንቋ የሚለው ለእሱ ደንበኛ የሚነግረው ነገር የለም። ከማያውቀው ሰው የመጣ አባሪ ደግሞ የደንበኞቹን ምስጢር የሚያስጠልፍ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል አይከፍተውም።

«የተመሰከረልን» የሚለው ቃል ከሁሉም ይብሳል፤ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ውሸቱን ወዲያው ያያል። የኢሚግሬሽን ደንቡ በባዕድ ቋንቋ ለቀረበ ሰነድ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይጠይቃል። ተርጓሚውም ሁለት ነገር በፊርማው እንዲያረጋግጥ ያዛል፤ ትርጉሙ የተሟላና ትክክል መሆኑን፣ እሱም ከዚያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቁ መሆኑን። ስለ መንግሥት ፈቃድ የሚናገር ነገር የለውም። ኖታሪ ማስመታትንም ግዴታ አላደረገም፤ ኖታሪ ቢመታበትም የሚያረጋግጠው የፈራሚውን ማንነት እንጂ የትርጉሙን ትክክለኛነት አይደለም።

ስለዚህ የትርጉም ቢሮው እውነተኛ ተፎካካሪ ሌላ የትርጉም ቢሮ ሳይሆን ያ የአጎት ልጅ ነው። ደንቡ ዘመድ እንዳይተረጉም በግልጽ አይከለክልም፤ ዘመድ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ጠበቃው ክፍያ እንዲያወጣ የሚያሳምነው ነገር ዘመድ የሚስታቸውን ቦታዎች በስም ማንሳት ነው። እኔ ብጽፈው፣ በእንግሊዝኛ የሚላከው ኢሜይል በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ይሆናል፦

«ርዕስ፦ የኢትዮጵያ ሰነዶች ትርጉም፣ ቀኖቹ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፉበት

ጤና ይስጥልኝ። ቢሮዎ ከኢትዮጵያ ለመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎች እንደሚቆም ከድረ ገጹ አይቼ ነው የምጽፍልዎ። እኛ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ብቻ የምንተረጉም ሁለት ሰዎች ነን።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈን ቀን ስንተረጉም በሰነዱ ላይ እንዳለ እናስቀምጥና ከጎኑ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፈዋለን። ሰዓትም እንዲሁ፤ በመጥሪያ ላይ ‹ከቀኑ 8 ሰዓት› ማለት ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ነው። ማህተሙን፣ ቲተሩንና በእጅ የተጻፈውን ሁሉ እንተረጉማለን፤ ያልተነበበውን አልተነበበም እንላለን። የደንበኛው ስም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፋል። የተርጓሚው የተፈረመ ማረጋገጫ ከእያንዳንዱ ሰነድ ጋር ይመጣል።

የአንድ ገጽ ሰነድ በ2 የሥራ ቀን እናደርሳለን። ሒሳብ የምንጠይቀው በወር አንድ ጊዜ፣ በየደንበኛው ተለይቶ ነው። ሰነድ ከመላክዎ በፊት የሁለታችንን ስም ለደንበኛዎ ያሳዩ፤ ከሁለታችን አንዱን የሚያውቅ ከሆነ ያ ሰው ሰነዱን አያየውም።

ለናሙና ብለን ያዘጋጀነውን የቀበሌ መታወቂያ ከነትርጉሙ ልላክልዎ?»

ከሥሩ ስምና የቢሮው የፖስታ አድራሻ ይገባል፤ «ሁለተኛ አይጻፉልኝ» ለማለት የሚያስችል ግልጽ መንገድም ይቀመጣል። አሜሪካ በ2003 ያወጣችው የንግድ ኢሜይል ሕግ ሁለቱንም ያስገድዳል፤ ለንግድ ድርጅት የተጻፈ ኢሜይልም ከሕጉ አያመልጥም። አትጻፉልኝ ላለ ሰው መላክ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መቆም አለበት።

በደብዳቤው ውስጥ እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ስለ ስም ማሳየት ለተጻፈው ዓረፍተ ነገር ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ሐበሻው ብዙ ቢሆንም የሚገናኝበት ቦታ ጥቂት ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳል፣ በአንድ ዕድር ይቀመጣል፣ በአንድ ካፌ ቡና ይጠጣል። ስለ እስር፣ ስለ ድብደባ ወይም ስለ መደፈር የሚናገር ወረቀት ያላት ሴት ከጠበቃዋ ይልቅ የምትፈራው የአገሯን ሰው ተርጓሚ ሊሆን ይችላል። ፍርሃቷ ተገቢ ነው። ጠበቃውም የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ግዴታው ከቢሮው ውጭ ሥራ የሚሰጣቸው ሰዎች ምስጢሩን እንዴት እንደሚይዙ መከታተልንም ይጨምራል።

አንዳንድ የትርጉም ቢሮዎች «የደንበኛውን ስም ይላኩልን፣ እናውቀው እንደሆነ እናጣራለን» ይላሉ። አሳቡ ደግ ነው፤ ነገር ግን ስሙ ራሱ ምስጢር ነው፤ ማን ጥገኝነት እንደጠየቀ አስቀድሞ ያወጣል። የተርጓሚው ስም ወደ ደንበኛዋ ቢሄድ ግን የሚጎዳ የለም። በዚሁ ምክንያት «የመጀመሪያውን ሰነድ በነጻ እንሥራልዎ» ማለትም አይበጅም፤ ገና ያልተዋወቁትን ሰው የእውነተኛ ሰው ወረቀት ላክልኝ ማለት ነውና። ናሙናው ከትርጉም ቢሮው ይምጣ፤ በውስጡም የእውነተኛ ሰው ስም አይኑር።

ደብዳቤውን ለመቶ ቢሮ በአንድ ጊዜ ከመበተን፣ ድረ ገጻቸው ተነቦ ለተመረጡ ሃያ ያህል መጻፍ ይሻላል። ጠበቃው ብቻውን የሚሠራ ከሆነ ለራሱ ይጻፋል። ረዳት ካለው ግን ሰነድ የምትሰበስበውና ተርጓሚ የምትፈልገው እሷ ስለሆነች ለእሷ ነው የሚጻፈው። መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አጭር ማስታወሻ መላክ ይቻላል፤ ከዚያ መተው ነው።

መልስ ሲመጣና የመጀመሪያው ሰነድ ሲላክ፣ ተርጓሚው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ደንበኛዎ በሰጡት የቃል መግለጫ ላይ የከተማውና የፖሊስ ጣቢያው ስም በእንግሊዝኛ እንዴት ተጽፏል?» አንድ የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል በሦስት በአራት ዓይነት ይጻፋል። መግለጫው አንዱን፣ ትርጉሙ ሌላውን ከያዘ አንባቢው ሁለት ቦታ ነው ብሎ ይረዳዋል። ረዳቷ የስሞቹን አጻጻፍ ትልካለች፤ ተርጓሚው ለዚያ ጉዳይ ብቻ የሚሆን ዝርዝር ይከፍታል፤ ከወር በኋላ የአባትየው የሞት የምስክር ወረቀት ሲመጣ ከዚያው ዝርዝር ላይ ይሠራል።